«ሸዋ ሮቢት ያተርፋል ወይስ አያተርፍም?» ቅርንጫፍ የሚለይ ቻርት ኦፍ አካውንት እንዴት እንደሠራሁ

ጥያቄውን ያመጡት ጋሼ ናቸው፣ የድርጅቱ ባለቤት። የታኅሣሥ ጠዋት ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሙና «ልጄ፣ ሸዋ ሮቢት ያተርፋል ወይስ አያተርፍም?» አሉኝ። «እስከ ማታ አደርስልዎታለሁ» አልኳቸው። ማታም አልደረሰ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ያቀረብኩትን ቁጥር ደግሞ እኔ ራሴ አላመንኩትም።

የግንባታ ዕቃ ነው የምንሸጠው፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ቧንቧ። ቢሮውና ዋናው መጋዘን ደብረ ብርሃን ነው። እዚያው ከተማ አንድ ሱቅ አለን። ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት፣ ሦስተኛው መሐል ሜዳ። የምንጠቀመው ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ነው፤ ሁሉም በአንድ የኩባንያ ፋይል ውስጥ። ቅርንጫፎቹ ሰነዳቸውን ይልካሉ፣ እኛ ደብረ ብርሃን ተቀምጠን እንመዘግባለን። አንተም አንቺም እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ካላችሁ የሚከተለው ይጠቅማችኋል። እኔ የተሳሳትኩበትን ሳልደብቅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የነበረውን ቻርት፣ ማለትም የሂሳቦቹን ዝርዝር፣ ማንም አልነደፈውም። እንደ ጉንዳን ጎጆ እየተቆለለ የመጣ ነው። ኪራይ 5110 ነበር። ሸዋ ሮቢት ሲከፈት አንዱ ባልደረባ 5111 ብሎ «ኪራይ ሸዋ ሮቢት» ከፈተ። መሐል ሜዳ ሲከፈት 5112 በሌላ ነገር ተይዟል፤ ስለዚህ 5147 ሆነ። ደመወዝ ላይ ደግሞ የሸዋ ሮቢት ተለይቷል፣ የመሐል ሜዳ ግን ከዋናው ጋር ተቀላቅሏል። መብራት ጭራሽ አልተለየም። ስቆጥረው 412 ሂሳብ አለ። የቅርንጫፍ ሪፖርት ለማውጣት ሁሉንም ወደ ኤክሴል አውጥቼ ስም በስም መልቀም ነበረብኝ። ሦስቱ ቀን ያለቀው እዚያ ነው።

ችግሩ የሂሳቦቹ ብዛት አልነበረም። ቁጥሩ ውስጥ ቅርንጫፉ የት እንዳለ አለመታወቁ ነው። «ኪራይ» ማለት ወጪው ምን እንደሆነ ይናገራል። «ሸዋ ሮቢት» ማለት የት እንደወጣ ይናገራል። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለዚህ በኮዱ ውስጥ የተለያየ ቦታ ይፈልጋሉ። አዲሱን ኮድ ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ አራት አኃዝ ለምንነቱ፣ ሰረዝ፣ ሁለት አኃዝ ለቅርንጫፉ። ዋና መሥሪያ ቤት 00፣ የደብረ ብርሃን ሱቅ 01፣ ሸዋ ሮቢት 02፣ መሐል ሜዳ 03።

```
1010-02   ካሽ
1210-02   የዕቃ ክምችት
1900-02   ከዋና መሥሪያ ቤት ጋር
2210-02   ቫት
4010-02   ሽያጭ
5010-02   የተሸጠ ዕቃ ዋጋ
6110-02   ደመወዝ
6210-02   ኪራይ
```

ኪራይ የትም ቦታ 6210 ነው። የመሐል ሜዳን ኪራይ ለማወቅ ዝርዝር ማገላበጥ አያስፈልግም፤ 6210-03 ነው። ፒችትሪ ሪፖርት ስታወጡ የሂሳብ ቁጥሩን በኮከብ ምልክት እንድታጣሩ ይፈቅዳል። `****-02` ብላችሁ ካስገባችሁ የሸዋ ሮቢት ብቻ ይወጣል። `6210-**` ካላችሁ የሁሉም ኪራይ ጎን ለጎን ይሰለፋል። ማጣሪያው የሚያየው የአኃዙን ቦታ ስለሆነ አንዱን ኮድ `621-2` ብሎ መክፈት ጉድ ያፈላል። ያ ሂሳብ ከሪፖርቱ ዝም ብሎ ይቀራል፤ ማንም አያስተውለውም። የኮዱ ርዝመት ሁሌም አንድ ይሁን።

ሦስተኛ ክፍል ልጨምር ብዬም ነበር፤ ለዕቃው ዓይነት። ቆርቆሮ 10፣ ቀለም 20 እያልኩ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ግን አራቱን ቦታ በአምስት የዕቃ ዓይነት ሳባዛው እያንዳንዱ የሽያጭ ሂሳብ ሃያ ሊሆን ነው። መዝጋቢዎቹም በየሽያጩ ሦስት ነገር መምረጥ ሊኖርባቸው ነው። የዕቃውን ዓይነት የዕቃ ሪፖርቱ ራሱ ያወጣዋል። ተውኩት፤ እስካሁንም አልቆጨኝም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ሊያደርገው ይችላል። ጭንቁ የሚጀምረው ቅርንጫፉ የራሱ ባላንስ ሺት ይኑረው ሲባል ነው። ጋሼ የፈለጉት ትርፍና ኪሳራ ብቻ አልነበረም። «እዚያ ስንት ብር አስቀምጫለሁ?» የሚለውንም ይፈልጋሉ። ይህን ለመመለስ ክምችቱም ካሹም ዕዳውም በቅርንጫፍ መለየት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፒችትሪ ጆርናላችሁ ዴቢትና ክሬዲቱ በድምሩ እኩል መሆኑን ብቻ ነው የሚያየው። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እኩል መሆኑን አይጠይቅም። ዴቢት 1210-02፣ ክሬዲት 1210-00 ብትሉ ይቀበላችኋል። በድርጅት ደረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን ሸዋ ሮቢት ክሬዲት የሌለው ዴቢት፣ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ዴቢት የሌለው ክሬዲት ይዘው ይቀራሉ። በዚያ ወር የሸዋ ሮቢትን ባላንስ ሺት ብታወጡ አንድ እግሩ አጭር ነው።

መፍትሔው በመካከላቸው የሚቆም ሂሳብ ነው። እኛ «የቅርንጫፍ መተላለፊያ» እንለዋለን። በ19 የሚጀምሩት ሁሉ ለዚህ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ አለው፤ የሸዋ ሮቢት 1900-02 ነው፣ ትርጉሙም «ከዋና መሥሪያ ቤት ጋር ያለኝ ሂሳብ»። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ አንድ አለው፤ ለሸዋ ሮቢት 1902-00፣ ለመሐል ሜዳ 1903-00። ሁለቱ መንትያ ናቸው። በአንዱ ዴቢት የገባ በሌላው ክሬዲት ይገባል። 1900-02 እና 1902-00 ሲደመሩ ሁሌም ዜሮ ናቸው።

አንድ ሕግም አስቀመጥኩ። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ጋር በቀጥታ ሂሳብ የለውም። ሸዋ ሮቢት ለመሐል ሜዳ ሦስት ኩንታል ሚስማር ቢሰጥ እንኳ በመዝገብ ላይ ወደ ደብረ ብርሃን መጥቶ ከደብረ ብርሃን ይሄዳል። መስመሩ ይበዛል፤ እውነት ነው። ግን አራትና አምስት ቅርንጫፍ እርስ በርስ ሲበዳደሩ ማን ለማን ስንት እንዳለበት መፈለግ ደግሞ የባሰ ነው።

በየቀኑ የሚያጋጥመው የባንክ ገቢ ነው። ባንኩ የዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ 1110-00። የሸዋ ሮቢቷ ካሸር 50,000 ብር ስታስገባ አራት መስመር ይሆናል።

```
ዴቢት   1110-00   50,000
ክሬዲት  1902-00   50,000
ዴቢት   1900-02   50,000
ክሬዲት  1010-02   50,000
```

የላይኞቹን ሁለት ብቻ እዩ፤ 00 እኩል ነው። የታችኞቹን ሁለት ብቻ እዩ፤ 02 እኩል ነው። አዲስ ለሚቀጠር ሰው የማስተምረው ይህንኑ ነው። በእጅህ አንዱን ቅርንጫፍ ሸፍን፤ የቀረው እኩል ካልሆነ ጆርናሉ ተሳስቷል።

ዕቃ ሲተላለፍ ግን ጊዜ የሚባል ነገር ይገባበታል። ባንክ ገቢ በአንድ ቀን ያልቃል። ቆርቆሮ ግን መንገድ ላይ ያድራል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጣርማበር ላይ ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ የራሱን መኪና አፍንጫ አያይም። የሚያድርበት ቀን አለ።

የድሮው አሠራር መኪናው ሲወጣ ዕቃውን በቀጥታ ወደ ሸዋ ሮቢት ክምችት ማስገባት ነበር። የወጪ ሰነዱ ተቆርጧል፣ ከዚህ ወዲያ የነሱ ነው በሚል። እዚያ ያለው ስቶር ኪፐር ያልተቀበለው ዕቃ በስሙ ይመዘገባል። ቆጠራ ሲመጣ ይጎድላል፤ ሰውየውም ይጠየቃል። አንዴ ደውሎ «እትዬ፣ እኔ የፈረምኩት ስንት ነው? እናንተ የጻፋችሁት ስንት ነው?» ብሎኛል። መልስ አልነበረኝም።

አሁን በመካከል 1290-00 አለ፤ «መንገድ ላይ ያለ ዕቃ»። የዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ምክንያቱም ቅርንጫፉ እስኪፈርም ድረስ ኃላፊው የላከው ነው። አንድ እውነተኛ ጉዞ በማጠጋጊያ ቁጥር ላሳያችሁ። 200 ቅጠል ቆርቆሮ ወጣ፤ አንዱ በመግዣ ዋጋው 900 ብር ነው፣ ጠቅላላው 180,000። ትርፍ አንጨምርበትም። ከራሳችን ወደ ራሳችን ስለሆነ በገዛንበት ዋጋ ይሄዳል። መኪናው ከመጋዘን ሲወጣ፦

```
ዴቢት   1290-00   180,000
ክሬዲት  1210-00   180,000
```

ሁለቱም 00 ውስጥ ናቸው። ሸዋ ሮቢት ገና ምንም አያውቅም። ከሁለት ቀን በኋላ የተፈረመው የገቢ ሰነድ መጣ። 196 ይላል። 196 በ900 ሲባዛ 176,400 ነው።

```
ዴቢት   1902-00   176,400
ክሬዲት  1290-00   176,400
ዴቢት   1210-02   176,400
ክሬዲት  1900-02   176,400
```

አራቱም መስመር የሚመዘገበው በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሰነድ ነው። መንትዮቹ እንዳይለያዩ የሚጠብቃቸው ይህ ነው። አንዱ ጎን በወጪ ሰነድ፣ ሌላው ጎን በገቢ ሰነድ ቢመዘገብ ኖሮ ወር በተዘጋ ቁጥር ልዩነት ስንፈልግ እናድር ነበር።

ወሩ ሲያልቅ 1290-00 ላይ 3,600 ብር ቀርቷል። አራት ቅጠል ማለት ነው። ሹፌሩን ጠየቅነው። ጣርማበር አድሮ ጠዋት ሲወርድ ጭነቱ ተንሸራቶ አራት ቅጠል ተጣሞበታል። ስቶር ኪፐሩ የተጣመመ አልቀበልም አለ፤ ልክ ነው። ሹፌሩ መልሶ አምጥቶ ያለ ሰነድ ከመጋዘኑ ጀርባ አስቀምጦታል። ሄደን ስናይ አራቱ እዚያው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በድሮው አሠራር ቢሆን ከሸዋ ሮቢት ሰውዬ ደመወዝ ላይ ልንነጋገር ነበር። 1290-00 ወር መጨረሻ ላይ ዜሮ ካልሆነ አንድም መኪና መንገድ ላይ ነው፣ አንድም የሆነ ነገር ተደብቋል።

አዲሱን ቻርት ሐምሌ 1 ጀመርን፤ የበጀት ዓመቱ ሲጀምር። አሮጌዎቹ ሂሳቦች እንቅስቃሴ ስላላቸው መሰረዝ አይቻልም። ስለዚህ አዲስ የኩባንያ ፋይል ከፍተን ሚዛኖቹን በመነሻነት አስገባን። በየቅርንጫፉ ክምችቱን ቆጠርን፣ ካሹን ቆጠርን፣ የተበዳሪዎችን ዝርዝር ወሰድን። ለአንድ ቅርንጫፍ ያ ሁሉ ከተደመረ በኋላ እኩል የሚያደርገው ቁጥር 1900 ላይ ይቀመጣል፤ ተቃራኒው ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤት ባለው መንትያ ላይ። የጋሼ «እዚያ ስንት ብር አስቀምጫለሁ?» መልስ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የዋና መሥሪያ ቤቱ ሚዛን ያለ ምንም መሙያ እኩል ከወጣ ሥራው ትክክል ነው። የእኛ በመጀመሪያው ቀን አልወጣም። የመሐል ሜዳ አንድ ዱቤ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር።

የመጀመሪያው ወር ሪፖርት ሲወጣ ሸዋ ሮቢት 400,000 ብር ሸጧል። የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ዜሮ። ደመወዝና ኪራይ ተቀንሶ ትርፉ ሰማይ ነክቷል። ጋሼ አዩትና ሳቁ። «በነጻ ነው እንዴ የምንገዛው?» አሉ።

ስህተቱ የእኔ ነው። ፒችትሪ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የክምችትና የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ሂሳብ አለው፤ አንድ አንድ ብቻ። ደረሰኝ ስትሠሩ የሽያጩን ሂሳብ ወደ 4010-02 መቀየር ትችላላችሁ። ዋጋው ግን ዕቃው ላይ ወደ ተጻፈው ሂሳብ ይሄዳል። እኔ ቆርቆሮን አንድ ኮድ ብቻ ሰጥቼው ሂሳቡን 5010-00 እና 1210-00 ብዬ ነበር። ስለዚህ ሽያጩ ሸዋ ሮቢት፣ ዋጋው ደብረ ብርሃን። ይባስ ብሎ ይህ ስህተት የቅርንጫፍ ሚዛኑን አያዛባም፤ የዋጋው ዴቢትም ክሬዲትም 00 ውስጥ ስለሆኑ። የእጅ ሽፋን ፈተናዬ አላገኘውም።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ አላገኘሁም። ዕቃው በየቅርንጫፉ የተለያየ ኮድ ይኑረው። 32 ጌጅ ቆርቆሮ `GI32-00`፣ `GI32-01`፣ `GI32-02` ሆነ። እያንዳንዱ የራሱን ቅርንጫፍ ሂሳብ ያመለክታል። ዝውውሩም በክምችት ማስተካከያ መስኮት ይሠራል። ሲወጣ `GI32-00` በ200 ይቀነሳል፣ ተቃራኒ ሂሳቡ 1290-00። ሲደርስ `GI32-02` በ196 ይጨመራል፣ የአንዱ ዋጋ 900 ተብሎ በእጅ ይገባል፣ ተቃራኒ ሂሳቡ 1900-02። የቀሩት ሁለት መስመሮች ብቻ በጆርናል ይመዘገባሉ። ሲጨመር ዋጋውን ማስገባት አትርሱ፤ የወጣበትን ዋጋ ከማስተካከያው ሪፖርት ላይ አይታችሁ ያንኑ ጻፉ። አለበለዚያ 1290-00 ላይ ሳንቲም እየተጠራቀመ ያበሳጫችኋል።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ፈተና ጨመርኩ። በየወሩ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ለሽያጩ አካፍላለሁ። በእኛ ቤት ቆርቆሮ ላይ ከመቶ አሥር አሥራ ሁለት እንደምናተርፍ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ቅርንጫፍ አርባ ከመቶ አተረፈ ካለኝ ነጋዴው ጎበዝ ሆኖ አይደለም፤ የዕቃ ኮድ ተሳስቷል።

በሁለተኛው ወር ደግሞ ሸዋ ሮቢትን በ60,000 ብር አዘንብሎ አገኘሁት። `****-02` ብዬ የመጀመሪያውን ወር ትሪያል ባላንስ ሳወጣ ዴቢቱ በ60,000 ይበልጣል። አንድ በአንድ ልፈልግ ስቀመጥ አንድ ነገር ታየኝ። 60,000 የ400,000 አሥራ አምስት ከመቶ ነው። ቫት! ድርጅቱ አንድ ቲን ነው ያለው፣ ቫትም በአንድ ላይ ነው የሚያሳውቀው፤ ስለዚህ የሁሉም ቅርንጫፍ ደረሰኝ ቫት ወደ 2210-00 እንዲሄድ አድርጌ ነበር። ካሹ 460,000 ወደ 02፣ ሽያጩ 400,000 ወደ 02፣ ቫቱ 60,000 ወደ 00። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የነበረ ስህተት ነው፤ በዋጋው ጉዳይ ስታመስ አላየሁትም እንጂ። ፒችትሪ ላይ እያንዳንዱ የታክስ ኮድ አንድ ሂሳብ ስለሚይዝ ለየቅርንጫፉ የራሱን የታክስ ኮድ ከፈትን። ወር ሲያልቅ የ2210-02 ሚዛን በመተላለፊያው ወደ 2210-00 ይሄዳል፤ ማሳወቂያው የሚሞላው ከዚያ ነው።

የዋና መሥሪያ ቤት ወጪ ጉዳይ ጭቅጭቅ አስነስቷል። የእኔ ደመወዝ፣ የቢሮው ኪራይ፣ የኦዲተሩ ክፍያ 00 ላይ ነው። ጋሼ «ለሁሉም ይከፋፈል፣ አለዚያ ሁሉም አትራፊ ነኝ ይላል» አሉ። የሸዋ ሮቢቱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ «የእናንተን ሻይ እኔ ልክፈል እንዴ?» አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ድርሻውን 6110 ወይም 6210 ላይ ብጨምረው የቅርንጫፉ የራሱ ኪራይ ስንት እንደሆነ ይጠፋል። ስለዚህ 6900 የሚባል አንድ ሂሳብ ብቻ ከፈትኩ፤ «የዋና መሥሪያ ቤት ድርሻ»። 6900-01፣ 6900-02 እና 6900-03 ዴቢት ይሆናሉ፣ 6900-00 ክሬዲት፤ እንደተለመደው በመተላለፊያው በኩል። በድርጅት ደረጃ ሲደመር ዜሮ ነው። ሪፖርቱ ላይ የመጨረሻው መስመር ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ከሱ በላይ ያለውን፣ ጋሼ ከሱ በታች ያለውን ያያሉ። ማካፈያው የሽያጭ ድርሻ ነው። ፍትሐዊ ነው አልልም፤ ማንም የሚያሰላው ስለሆነ ነው የመረጥነው።

ዓመቱ ሲዘጋ አንድ ወጥመድ ይጠብቃችኋል። ፒችትሪ የሚቀበለው የተከማቸ ትርፍ ሂሳብ አንድ ብቻ ነው፤ `Equity-Retained Earnings` የሚለው ዓይነት። የእኛ 3200-00 ነው። ዓመቱን ስትዘጉ የሁሉም ቅርንጫፍ ገቢና ወጪ ተጠራርጎ እዚያ ይገባል። ስለዚህ ሐምሌ 1 ጠዋት ሁሉም ቅርንጫፍ በትርፉ መጠን ተዛብቶ ታገኙታላችሁ። እኔ ደንግጬ ነበር። ግን ቀላል ነው። ሸዋ ሮቢት 310,000 አትርፎ ከሆነ፦

```
ዴቢት   1902-00   310,000
ክሬዲት  1900-02   310,000
```

ትርጉሙም ግልጽ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሸዋ ሮቢት ላይ ያለው ገንዘብ በትርፉ ልክ አደገ። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን የየቅርንጫፉን ትርፍና ኪሳራ አትማችሁ ያዙ። ቁጥሩን የምታገኙት ከዚያ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ዓለም ከተማ ልንከፍት ሆነ። ኮዱ 04። ደስ አለኝ፤ የ02ን ሂሳቦች በኤክሴል ገልብጬ፣ መጨረሻውን ቀይሬ፣ በሲኤስቪ አስገባለሁ ብዬ። ከሰዓት በኋላ ያልቃል ብዬ ለጋሼም ነገርኳቸው። ፋይሉን ስከፍት ኤክሴል `2210-04` ያለውን `Apr-10` አድርጎታል። `1900-04` ደግሞ `Apr-00`። ካሹና ክምችቱ፣ 1010 እና 1210፣ ምንም አልሆኑም፤ ከ1900 ጀምሮ ያሉት በሙሉ ወር ሆነዋል። ኤክሴል ከ1900 ወዲህ ያለውን ቁጥር ዓመት፣ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ከ01 እስከ 12 ወር አድርጎ ነው የሚያነበው። ዓምዱን መጀመሪያ `Text` ካላደረጋችሁት፣ ወይም የተቀመጠውን ሲኤስቪ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ከከፈታችሁት ይኸው ነው። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አዩና «ዓለም ከተማን ሚያዝያ ላይ ነው እንዴ የምንከፍተው?» አሉኝ።